ሾፌሩ ናፍጣ ሸጠ ወይስ ሂሳቡ ተሳሳተ?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። አንዲት አይሱዙ ኤን.ፒ.አር አለችን፤ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና እየጫነች ሐረማያ፣ አወዳይና ሐረር ላሉ ሱቆች ታደርሳለች። በወር 20 ጉዞ ያህል ትሠራለች፤ አንዱ ጉዞ ደርሶ መልስ፣ ከነማዳረሱ 120 ኪሎሜትር ነው፤ የምንቀበለው 4,500 ብር። ነዳጁን በደብተር እጽፋለሁ። ጥቅምት 2 ቆጣሪው 184,300 ላይ ሆኖ ሰልባቲዮውን ሞላን፤ 100 ሊትር ነው የሚይዘው። ጥቅምት 6 በ184,780 ላይ ማደያው ተጨናንቆ 60 ሊትር ብቻ ደረሰን። ጥቅምት 10 በ185,020 ላይ ሞላን፤ 72 ሊትር ገባ። ሳሰላው መጀመሪያ በሊትር 8 ኪሎሜትር፣ ቀጥሎ 3 ኪሎሜትር ከምናምን ወጣ። ባለቤቴ «ልጁ ናፍጣ እየሸጠ ነው» ብሎ ሊያሰናብተው ነው፤ ሾፌሩ ግን አራት ዓመት አብሮን ሠርቷል። ደግሞም ከነዳጅና ከደመወዝ በኋላ በወር 19 ሺህ ብር መትረፍ ሲገባው እጄ ላይ የለም። ዘይት የሚቀየርበትንም ቀን እረሳለሁ፤ መጨረሻ የቀየርነው ነሐሴ 25 በ181,000 ላይ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉንም ነገር ትተው መጀመሪያ ባለቤትዎን ያቆዩልኝ። በላኩልኝ ቁጥር ልጁን የሚያስወቅስ ነገር የለም። እንዲያውም ያው ቁጥር ለእሱ የሚመሰክር ነው፤ ደረጃ በደረጃ እናየዋለን።

ጥቅምት 6 ላይ 480 ኪሎሜትርን ለ60 ሊትር አካፍለው 8 አገኙ። ነገር ግን መኪናዋ እነዚያን 480 ኪሎሜትሮች የሄደችው ገና ሊቀዳላት በነበረው 60 ሊትር አይደለም። የሄደችው ጥቅምት 2 በሞላው ናፍጣ ነው። የቀዱት 60 ሊትር የተቃጠለውን በሙሉ አልተካም፤ ሰልባቲዮው ጎዶሎ እንደሆነ ቀረ። ያ ጉድለት ጥቅምት 10 ሲሞላ በ72ቱ ሊትር ውስጥ ተደምሮ መጣ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር ከእውነቱ በላይ አማረ፣ የሁለተኛው ከእውነቱ በታች ወረደ። ሁለቱም ብቻቸውን ምንም አይናገሩም።

ትክክለኛው አቆጣጠር ከሙሉ እስከ ሙሉ ነው። ሰልባቲዮው ከሞላበት ቀን ተነስተው እንደገና እስከሚሞላበት ቀን ድረስ በመሃል የተቀዳውን ሁሉ ይደምሩ። 185,020 ሲቀነስ 184,300፣ 720 ኪሎሜትር ነው። 60 እና 72 ሲደመሩ 132 ሊትር። 720 ለ132 ሲካፈል በሊትር 5.45 ኪሎሜትር ይሆናል። ጥቅምት 2 ላይ የገባው ሊትር እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ እሱ መነሻውን ሙሉ ለማድረግ ብቻ ያገለገለ ነው።

አሁን በዚህ 5.45 ደብተርዎን መልሰን እንፈትነው። 480 ኪሎሜትር ሲሄድ 88 ሊትር ያልቃል፤ በሰልባቲዮው 12 ሊትር ይቀራል። 60 ሲቀዳ 72 ሆነ። ቀጥሎ 240 ኪሎሜትር ሲኬድ 44 ሊትር አለቀና 28 ቀረ። 28 ላይ 72 ሲጨመር 100። በየመካከሉ ያለው ሁሉ ገጥሟል። በሁለቱ ቅጂዎች መሃል ጥቂት ናፍጣ ተሰርቆ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይህ ስሌት ለይቶ አያሳይዎትም፤ ያ እውነት ነው። ግን 5.45 ራሱ፣ ለተጫነች ኤን.ፒ.አር፣ በደንገጎ ዳገት፣ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም።

ዳገቱን በሂሳብ ላስረዳዎ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደንገጎ አናት ሲወጡ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ከነጭነቷ 7 ቶን የምትመዝን መኪናን ያን ያህል ሽቅብ ማንሳት ብቻውን ከ4 እስከ 5 ሊትር ናፍጣ ይበላል። አንድ ጉዞዎ በጠቅላላው 22 ሊትር ነው የሚፈጀው፤ ከዚያ ውስጥ ከአምስት እጅ አንዱ የዳገቱ ነው ማለት ነው። ስትመለስ ባዶ ሆና ቁልቁል ስለምትወርድ ከዚያ ጥቂቱን ታካክሳለች። ስለዚህ የመውጫውን ለብቻ፣ የመውረጃውን ለብቻ አያስሉ፤ ሁልጊዜ ደርሶ መልስ ይሁን። መኪናዋ አንድ ሳምንት መልካ ጀብዱ ሜዳ ላይ ሠርታ በሊትር 7 ብታመጣ፣ በቀጣዩ ሳምንት ሐረር ሄዳ 5.4 ብታመጣ፣ ሁለቱን አነጻጽሮ ሾፌር መውቀስ ልክ አይደለም። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ቀን፣ ቆጣሪ፣ ሊትርና ብር ብቻ ሳይሆን መስመሩንም ይጻፉ፤ ከሊትሩ አጠገብም «ሙሉ» ወይም «ጎዶሎ» የምትል ምልክት ትኑር። እርስዎ የጎደለዎት ይቺ አንዲት ምልክት ናት።

«ሙሉ» የሚለውም ሁሌ አንድ ዓይነት ይሁን። በተቻለ መጠን በአንድ ማደያ፣ በደልዳላ ቦታ፣ መቅጃው በራሱ መጀመሪያ ሲዘጋ ይቁሙ። ቀጂው አረፋው እስኪወርድ ጠብቆ አንድ ቀን እስከ አፉ ቢጨምር፣ ሌላ ቀን ባይጨምር ጥቂት ሊትር ልዩነት ይመጣል። ያ ልዩነት በአንድ ጉዞ ላይ ይከብዳል፣ በወር ላይ ግን አይታይም። ሰልፍ በዝቶ ሳምንቱን በሙሉ ጎዶሎ ቢቀዱም ችግር የለውም፤ ሙሉ እስኪያገኙ ሊትሩን እየደመሩ ይቆዩ። ነዳጁን በቴሌብር ከከፈሉ የየቅጂው ቀንና ብር ስልክዎ ላይ ይቀራል፤ ሾፌሩ የሚነግርዎትን ሊትር በዚያ ያመሳክሩ።

አሁን ወደ ብሩ። ሂሳቡ እንዲቀል ሊትሩን 120 ብር እንያዝ፤ እርስዎ የቀዱበትን ዋጋ ይተኩ። 132 ሊትር 15,840 ብር ነው፤ ለ720 ኪሎሜትር ሲካፈል በኪሎሜትር 22 ብር። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ይያዙ፦ በሊትር ስንት ኪሎሜትር፣ በኪሎሜትር ስንት ብር። የማደያ ዋጋ መንግሥት በየጊዜው የሚያስተካክለው ስለሆነ ብሩ ብቻ ቢጻፍ ዋጋ በጨመረበት ወር መኪናዋ የታመመች ወይም ሾፌሩ የሰረቀ ይመስላል። ሊትሩ ግን ዋጋ አያውቅም። ብሩ ጨምሮ በሊትር የሚሄደው ኪሎሜትር እዚያው ከሆነ ችግሩ ማደያው ላይ ያለው ዋጋ ነው፤ የሚነጋገሩትም ከደንበኛዎ ጋር ነው። በሊትር የሚሄደው ከወረደ ግን መኪናዋን ይዩ።

የጠፋብዎት 19 ሺህ ብርም ከዚህ ቀጥሎ ይገኛል። ሂሳብዎን ከደብዳቤዎ ተነስቼ መልሼ ሠራሁት። ከ4,500 ላይ የናፍጣ 2,640 ብር ሲነሳ 1,860 ይቀራል፤ በ20 ጉዞ 37,200 ነው፤ የሾፌርና የረዳት ደመወዝ 18 ሺህ ብር ቢሆን 19,200 ይተርፋል። ቁጥሩ ከእርስዎ ጋር ስለገጠመ ደመወዙን በዚሁ እንያዘው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን መኪና በናፍጣና በደመወዝ ብቻ አትሄድም።

በኪሎሜትር የሚያልቁ ነገሮች አሉ። ስድስት ጎማ አንዱ በ15 ሺህ ቢገዛና 45 ሺህ ኪሎሜትር ቢሄድ፣ በኪሎሜትር 2 ብር። ዘይት፣ ፊልትሮና የእጅ ዋጋ 9 ሺህ ሆኖ በየ5,000 ኪሎሜትር ቢቀየር 1.80 ብር። የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ የመሳሰለው ጋራዥ የሚያስገባ ሁሉ በዓመት 28 ሺህ ኪሎሜትር ላይ 56 ሺህ ብር ቢፈጅ ሌላ 2 ብር። ይህ ከናፍጣው 22 ብር ጋር ሲደመር 27.80 ይሆናል። ዋጋዎቹን በደረሰኝዎ ያስተካክሏቸው፤ ዋናው ነገር እያንዳንዱ ወጪ ስንት ኪሎሜትር ላይ እንደሚያልቅ ማወቅ ነው። ጎማ የሚገዛው አንድ ቀን ነው፣ የሚያልቀው ግን በየጉዞው ነው፤ ስለዚህ በየጉዞው ካልተቀመጠለት የሚገዛበት ቀን ሲደርስ ከቤት ወጪ ይነሳል። የእርስዎም ብር የሄደው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

መኪናዋ ብትሄድም ባትሄድም የሚከፈሉም አሉ። ደመወዙ 18 ሺህ፣ ኢንሹራንስ በዓመት 36 ሺህ ከሆነ በወር 3,000፣ ምርመራና ቦሎ በዓመት 6,000 ከሆነ በወር 500፣ የማታ ማደሪያና ጥበቃ 1,500፣ አንድ ቀን ለሚመጣው የሞተር እድሳት የሚቀመጥ 7,000። ድምሩ 30 ሺህ ነው። በ2,400 ኪሎሜትር ሲካፈል በኪሎሜትር 12.50። እንግዲህ ጠቅላላው 40.30 ብር ነው፤ 120 ኪሎሜትር ያለው አንድ ጉዞ 4,836 ብር ያስወጣል። የሚቀበሉት 4,500 ነው። በየጉዞው 336 ብር፣ በወሩ 6,720 ብር እየጎደለ ነው። በየወሩ ግን አይታይም፤ ጎማና ጋራዥ ሲመጣ አንድ ላይ ይመጣል።

ይህ 12.50 የሚለው ቁጥር እንደ ናፍጣው የረጋ አይደለም። ወሩ ቀዝቅዞ 14 ጉዞ ብቻ ብትሠራ፣ 30 ሺሁ ለ1,680 ኪሎሜትር ይካፈልና ወደ 17.90 ገደማ ይወጣል፤ ያው ጉዞ 5,480 ብር አካባቢ ይሆናል። 24 ጉዞ ቢሠራ ወደ 4,590 ይወርዳል፤ ያም ቢሆን ከ4,500 በላይ ነው። ስለዚህ ጉዞ በማብዛት ብቻ ከዚህ መውጣት ከባድ ነው።

የሚያወጣዎት የመልስ ጭነት ነው። መኪናዋ ባዶዋን ስትመለስ ደመወዙም፣ ኢንሹራንሱም፣ የመልሱ ናፍጣም ተከፍሎ አልቋል። ከሐረማያ ድንች ወይም ሽንኩርት ወደ ድሬዳዋ ቢጭኑ የሚጨምረው የጫኝ ዋጋ፣ ጥቂት ናፍጣና የጎማ ድካም ነው፤ መንገዱ የሚበዛው ቁልቁለት ነውና። ከመጫኛው የተጣራ 800 ብር የምታመጣ የመልስ ጭነት ከ20 ጉዞ በግማሹ ብትገኝ በወር 8,000 ብር ነው፤ ጉድለቱን ሸፍና ትተርፋለች። ደንበኞችዎ ዘንድም ይህን ስሌት ይዘው ቢሄዱ፣ «ኑሮ ተወደደ» ከማለት ይልቅ በኪሎሜትር የሚያወጡትን ማሳየት ዋጋ ለማስተካከል ይረዳዎታል።

ሾፌሩን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። «ናፍጣ ከቆጠብክ ጉርሻ አለህ» አይበሉት። ይህን የሰማ ሾፌር ደንገጎን ሲወርድ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ሊለቃት ይችላል። የሚተርፍም አይደለም፤ በማርሽ ሆና እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሳ ሞተሩ የሚገፋው በጎማው ነው፣ ናፍጣው ይዘጋል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ይወስዳል። ፍሬኑም ብቻውን የመኪናዋን ክብደት ተሸክሞ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን መያዝ ያቆማል። የመልስ ጭነት ሲጨመርበት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ሲወርድ በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ፍሬን ይውረድ፤ ጉርሻም ከፈለጉ ዕቃ ሳይጎዳና ሳይዘገይ ላደረሰበት ይስጡት።

አንድ ቀን በእርግጥ 5.45 ወርዶ በሁለትና በሦስት ተከታታይ ሙሉ ቅጂ 4.8 አካባቢ ቢሆን፣ ከመጠርጠርዎ በፊት መኪናዋን ይጠይቋት። ዳገት ላይ ጉልበት አጥታ ጥቁር ጭስ ካወጣች የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ ወይም ኖዝሉ ተበላሽቶ ይሆናል። ስትቆም ከጎማዎቹ የአንዱ መሃል ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ተይዞ ነው የምትሄደው። የጎማ ንፋስ መቀነስም ናፍጣ ይበላል፤ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ከሰልባቲዮው ሥር እርጥበትና የናፍጣ ሽታ ካለ እየፈሰሰ ነው። እነዚህ ሁሉ ተመርምረው ምንም ሳይገኝ፣ ጉልበቷም ጭሷም እንደ ወትሮው ሆኖ፣ ጭነቱና መስመሩም ያው ሆኖ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ከወረደ ያኔ ጥያቄው የሰው ይሆናል። ያኔም ደብተሩን ዘርግተው አብረው ያንብቡት። ቆጣሪው መሥራቱንም ያረጋግጡ፤ የቆመ ወይም የሚዘል ቆጣሪ ሁሉንም ያበላሻል።

የዘይቱ ቀን ቀላል ነው። በ181,000 የተቀየረ ዘይት በየ5,000 ከሆነ የሚቀጥለው 186,000 ላይ ነው። ጥቅምት 10 ላይ 185,020 ነበረች፤ 980 ኪሎሜትር ይቀራታል። ከነሐሴ 25 እስከ ጥቅምት 10፣ የጳጉሜን አምስት ቀን ጨምሮ፣ 50 ቀን ነው፤ የሄደችው 4,020። በቀን 80 ኪሎሜትር ገደማ። 980 ለ80 ሲካፈል 12 ቀን፤ ስለዚህ ጥቅምት 22 አካባቢ ጋራዥ መግባት አለባት። የቀኑን አማካይ ሲያወጡ የቆመችባቸውንም ቀናት ይቁጠሩ፤ የሠራችባቸው ብቻ ቢወሰዱ ቀኑ ከሚገባው በላይ ይቀርባል። ቆጣሪውን በየሳምንቱ እያነበቡ ቀኑን ያድሱት፤ ሥራ ሲበዛ ቀኑ ወደ እርስዎ ይመጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሸሻል።

በስልክዎ በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ ለመያዝ ከፈለጉ በ`A2` ያነበቡበትን ቀን፣ በ`B2` የቆጣሪውን ንባብ፣ በ`C2` የሚቀጥለውን ሰርቪስ ኪሎሜትር፣ በ`D2` የቀኑን አማካይ ይጻፉና ሌላ ሳጥን ውስጥ ይህን ያስገቡ፦

```
=A2+(C2-B2)/D2
```

የሚወጣውን ሳጥን አቀራረቡን ወደ ቀን ይለውጡት። ሠንጠረዡ የኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ ጥቅምት 10ን የሚያስገቡት በፈረንጆቹ ቀን ነው፣ መልሱንም ወደ እኛ የሚመልሱት ራስዎ ነዎት። ደብተር ከቀለለዎት ደብተሩም ይበቃል።

በኪሎሜትር የማይለካ ግን ቀን ያለውም አለ። ኢንሹራንሱና ቦሎው የሚያልቁበትን ቀን ከዘይቱ ሥር ይጻፉ። የፍሬን ዘይትም እንዲሁ፤ መኪናዋ ብትቆምም ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የገባበት ደግሞ ሲግል ቶሎ ይፈላና ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር፤ ለደንገጎ መኪና ይህን ቀን ማሳለፍ አይገባም። የአየር ፊልትሮውን ደግሞ ዘይት እስኪቀየር አይጠብቁ፤ በኛ አቧራ በየሁለት ሳምንቱ ሾፌሩ ፈትቶ ይየው።

ዛሬ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ሲቀመጡ የጥቅምት 6ን መስመር ያውጡና «ጎዶሎ» ብለው ይጻፉበት፤ ከዚያ 720ን ለ132 አብራችሁ አካፍሉ። ነገ ጠዋት ለሾፌሩ ሙሉና ጎዶሎውን እንዴት እንደሚጽፍ ያሳዩት፤ የአየር ፊልትሮውንም አብሮ እንዲያየው ይንገሩት።